ከ16 ሺህ ሰው 125ቱ

የጥናት ሪፖርት ይዘውልኝ የሚመጡ ጋዜጠኞች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፐርሰንት ላይ አስምረው ነው የሚመጡት። «31 ፐርሰንት ይከላከላል ይላል፤ እንዲሁ ብዬ ልዘግበው?» እኔ ፐርሰንቱን ትቼ ሰው መቁጠር እጀምራለሁ።

ለማስረዳት የሚመቸኝ የታይላንዱ የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ከ16 ሺህ በላይ ፈቃደኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ክትባቱን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ መርፌ ተወጋ። ከተከተቡት 51፣ ካልተከተቡት 74 ሰዎች በቫይረሱ ተያዙ። በሺህ ሰው ሲሰላ፣ ዘጠኝ የነበረው ወደ ስድስት ወረደ። 31 ፐርሰንት የተባለው ይኸው ከሺህ ሰው የሦስት ሰው ልዩነት ነው።

«16 ሺህ ሰው እኮ ብዙ ነው!» የሚል ሙግት ሁሌም ይከተላል። ብዙ ነው። ክትባቱ መሥራቱን የሚነግሩን ግን የተያዙት 125 ሰዎች ናቸው፤ ያልተያዙት በሁለቱም ወገን ስለሚበዙ ብዙ አይነግሩንም። ክትባቱ ምንም የማይረባ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ የተያዘ ሰው በየትኛው ወገን እንደሚገኝ ሳንቲም እንደመወርወር በሆነ ነበር። 125 ጊዜ ሲወረወር፣ ከ100 ሙከራ በ95ቱ ያህል የአንደኛው ገጽ ቁጥር ከ52 እስከ 73 ይሆናል። የእኛው 74 ከዚያ ድንበር አንድ እርምጃ ብቻ ነው የወጣው።

ሪፖርቱም ይህን አልደበቀም። ከ31 ጎን 95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.1 እስከ 52.1 እንደሆነ ጽፏል። የመከላከል አቅሙ ከኢምንት እስከ ግማሽ ቢሆን ከመረጃው ጋር አይጋጭም ማለት ነው። 95 የሚለው የስሌቱ ባሕርይ ነው፤ በዚህ መንገድ ከሚሰሉ 100 ክልሎች 95ቱ ያህል እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ። የእኛው ከየትኞቹ እንደሆነ አይታወቅም፤ ለማስረዳት የሚከብደኝም ይህ ነው።

ከዚያ ሰባት ሰዎችን አሳያለሁ። ሙከራው ሲጀመር ቀድሞውኑ ቫይረሱ የነበረባቸው ናቸውና ከላይ ባለው ስሌት አልገቡም፤ ተገቢም ነው። እነሱ ሲጨመሩ 51ዱ 56፣ 74ቱም 76 ይሆናል፤ አቅሙ ወደ 26 ፐርሰንት ይወርድና ክልሉ ከዜሮ በታች ይጀምራል። ከ16 ሺህ ሰው ሰባት!

ጋዜጠኛው እዚህ ሲደርስ «ታዲያ ውሸት ነበር?» ይላል። በደቡብ አፍሪካ ተሻሽሎ የተሞከረው ተመሳሳይ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቋርጧል፤ ከተከተቡት 138፣ ካልተከተቡት 133 ተይዘው ነበር። የዚህኛው ክልል አደጋውን በ19 ፐርሰንት ከመቀነስ እስከ በ30 ፐርሰንት መጨመር ይዘልቃል፤ 31 ፐርሰንት መከላከል በውስጡ የለም። ይሁንና የቫይረሱ ዓይነትም፣ ሕዝቡም፣ ክትባቱም የተለያዩ ስለነበሩ፣ የታይላንዱን ቁጥር ይሽረዋል ብሎ ለመጻፍ አይበቃም። «በደቡብ አፍሪካ አልሠራም» ብለህ ጻፍ እለዋለሁ።