መለኪያው ስኔር ነው

አንድ ሙሉ ድራም በሦስት ማይክ ስቀዳ ከሁሉ በፊት የማወጣው ሲባጎ ነው። ዘዴው የእንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ የግሊን ጆንስ ነው፤ በ1968 ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ የሌድ ዘፕሊንን የመጀመሪያ አልበም የቀዳ ሰው ነው።

አንዱ ማይክ ኪኩ ፊት ይቆማል። ሁለተኛው ከስኔሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ታች ይመለከታል። ሦስተኛው ከፍሎር ቶሙ ባሻገር፣ ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በቶሙ ላይ አሻግሮ ወደ ስኔሩ ያነጣጥራል። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ አስይዤ ወደ ላይኛው ማይክ እወጥራለሁ፤ የደረሰበትን ቋጥሬ ያንኑ ርዝመት ወደ ጎኑ ማይክ አዞራለሁ። ሁለቱ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የላይኛው በ100፣ የጎኑ በ117 ሴንቲሜትር ቢቆሙ፣ የስኔሩ ድምፅ ወደ ጎኑ ማይክ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ በሞኖ ሲደመሩ በ1000 ኸርትዝ አካባቢ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ስኔሩም ይሳሳል። በስቴሪዮ ደግሞ ቀድሞ ወደ ደረሰበት ወገን ያጋድላል።

ርቀቱ ከተስተካከለ በኋላ የላይኛውን ማይክ ግማሽ ያህል ወደ ግራ፣ የጎኑን ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ አደርጋለሁ፤ በቀኝ እጁ የሚመታ ድራመር ተቀምጦ የሚሰማው በዚህ አቅጣጫ ነው። ድራመሩ ስኔሩን ብቻ እየመታ ድምፁ መሃል እስኪቆም የሁለቱን መጠን አስተካክላለሁ። ከዚያ የኪኩን ጨምሬ የፌዝ መገልበጫውን እየነካሁ አዳምጣለሁ፤ ወፍራሙን ድምፅ የሰጠኝን እይዛለሁ።

ችግር የሚመጣው ፍሎር ቶሙ ሲገንን ነው። የጎኑን ማይክ መጠን ብቀንስ ስኔሩ ከመሃል ወደ ግራ ይሸሻል። ስለዚህ መጠኑን አልነካም። ሲባጎውን እንደወጠርኩ ማይኩን ከቶሙ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ከስኔሩ ያለው ርቀት ሳይለወጥ ከቶሙ ይርቃል። ሀይሃቱ ሲጮህም የላይኛውን ማይክ በዚያው ርቀት ወደ ፍሎር ቶሙ በኩል እገፋዋለሁ።

ይህ ዘዴ የማያድነው ነገርም አለ። ለእያንዳንዱ ቶምና ሲምባል የተለየ ማይክ ስለሌለ፣ ሲምባሉን እየደበደበ ስኔሩን የሚዳብስ ድራመር በኋላ በሚክስ አይስተካከልም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍልም ድምፁን ወደ ላይኛው ማይክ መልሶ ሲምባሉን ያሻክረዋል፤ ከማይኩ በላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መወጠር ይረዳል።

ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ሚክሰሩን ወደ ሞኖ ቀይሩና አዳምጡ። ስኔሩ ከሳሳ ኢኩውን አትንኩ፤ ሲባጎውን መልሳችሁ ለኩ።