«የት?»

ጎንደር ውስጥ የታሪክ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሚደርሱኝ ኢሜይሎች ሁሉ ብዙ የሚያመላልሱኝ «የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል ልቀይር» የሚሉት ናቸው። አብዛኞቹ የተጻፉት በማመልከቻ ልማድ ነው። ሰላምታው ይረዝማል፣ ድካሙ ይተረካል፣ ጥያቄው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይመጣል። ደጅ የሚጠና ሰው እንዲህ ያደርጋል። አማካሪ ግን ኢሜይሉን የሚያነበው በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ በስልኩ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። ጥያቄው ካልታየው «እሺ፣ እናያለን» ብሎ ይዘጋዋል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። ሁለት ምዕራፎች ላቀያይር ፈልጌ ለአማካሪዬ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ምክንያቴም «ለአንባቢ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን» የሚል ነበር። የመጣልኝ መልስ አንዲት ቃል ናት፤ «የት?» የቱ ገጽ ላይ ነው አንባቢው የሚደናገረው ማለታቸው ነው። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣልኝ የምለካው በዚያች ቃል ነው።

በደንብ የተጻፈ አንድ ኢሜይል ላሳያችሁ። ተማሪዋ የምታጠናው የጎንደር ሰፈሮች እንዴት እንደተለያዩ ነው። ዘመኑ አፄ ፋሲል ከተማዋን ከመሠረቱበት ከ1636 (እ.ኤ.አ.) እስከ ዳግማዊ ኢያሱ ሞት እስከ 1755 ይደርሳል። ረቂቋን የጻፈችው በነገሥታቱ ተራ ነበር። የጎንደርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ዜና መዋዕሎቹን ስለሚከተል ይህ አደረጃጀት በራሱ ይመጣል። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ግን ይህን ላከችልኝ።

«ጉዳዩ፦ ከምዕራፍ 3 እስከ 6 ያለውን ቅደም ተከተል ስለ መቀየር

የተከበሩ አማካሪዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ከ3 እስከ 6 ያሉት ምዕራፎች በነገሥታት ዘመን መከፈላቸው ቀርቶ በሰፈር እንዲከፈሉ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

አሁን ያለው፦ 3. የፋሲል ዘመን፤ 4. የቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፤ 5. የቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን፤ 6. የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን።

የማቀርበው፦ 3. ከተማዋ ከ1636 እስከ 1755፣ በአጭሩ፤ 4. እጨጌ ቤትና አቡን ቤት፤ 5. እስላም ቤትና ካይላ ሜዳ፤ 6. ቁስቋም።

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ያዘዘውን የ1668ቱን ጉባኤ ውሳኔ ሦስት ጊዜ አብራርቼዋለሁ፤ ገጽ 41፣ 58 እና 77 ላይ። ሁለተኛ፣ የጥናቱ ጥያቄ ስለ ሰፈሮች ነው፤ የእስላም ቤትን ታሪክ ማወቅ የፈለገ አንባቢ ግን ከሦስት ምዕራፍ እየለቀመ መገጣጠም አለበት።

የሚጎዳ ነገር አለ። በሰፈር ስከፍለው የዘመኑ ለውጥ ይደበዝዛል። አጭሩን ምዕራፍ 3 የጨመርኩት ለዚህ ነው።

የጥናቱ ጥያቄዎች፣ ምንጮቹ፣ ምዕራፍ 1 እና 2 አይለወጡም። ሥራው ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እስከ ዓርብ ቢያሳውቁኝ ሰኞ እጀምራለሁ። ካልተስማሙ አሁን ባለው ተራ እቀጥላለሁ፤ ውሳኔውን ግን ገጽ 41 ላይ ብቻ አስቀርቼ ከሌሎቹ አወጣዋለሁ።»

«ጉዳዩ» የሚለውን ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወስዳዋለች፤ ኢሜይሉን ሳልከፍት ምን እንደምጠየቅ አውቄያለሁ። ሁለቱን ተራ በአባሪ ፋይል ሳይሆን እዚያው ጽፋዋለች፤ አባሪ በስልክ አልከፈት ሲል ጥያቄው አብሮ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጡት ግን ሦስቱ የገጽ ቁጥሮች ናቸው። «የት?» ብዬ ሳልጠይቅ ተመልሶልኛል። ሦስቱን ገጾች አውጥቼ አነበብኳቸው፤ ያው ውሳኔ፣ ያው ማብራሪያ፣ ቃላቱ ብቻ ትንሽ የተለያዩ።

ድግግሞሹን እንዴት እንዳገኘችው ኋላ ጠየቅኳት። ረቂቁ ውስጥ «ከላይ እንደተገለጸው» እና «ወደፊት እንደምናየው» የሚሉትን ሐረጎች በኮምፒውተር ፈልጋ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። የመጀመሪያው ሐረግ ሲበዛ አንድ ነገር እየተደጋገመ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ሲበዛ ደግሞ ምዕራፉ የሚቆምበት መሠረት ገና ከፊቱ አለ ማለት ነው። ሁለቱም በየትኛውም ጽሑፍ ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛሉ። አንድ ዓይነት ጉዳይን ተከትለው በየምዕራፉ ሲመጡ ግን ቅደም ተከተሉ እንደተሳሳተ ይናገራሉ። የእሷ ሐረጎች አብዛኞቹ የሚያመለክቱት ያንኑ ጉባኤ ነበር።

የሚጎዳውን ራሷ መናገሯ ደግሞ ሥራዬን አቀለለው። በሰፈር የተከፈለ ታሪክ ሰፈሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን የተገነቡ ያስመስላል። ይህን ባትጽፈው ኖሮ እኔ እጽፍላት ነበር፤ ሌላ ሳምንትም በመልስ ምልስ ያልፍ ነበር። ጉዳት የሌለው ለውጥ ያቀረበ ተማሪ ገና አላሰበበትም ብዬ እይዛለሁ።

በአንድ ነገር አልተስማማሁም። እጨጌ ቤት የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው፣ አቡን ቤት የጳጳሱ መኖሪያ ዙሪያ ያደጉ ሰፈሮች ናቸው፤ እስላም ቤትና ካይላ ሜዳ የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል። ቁስቋም ግን ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። «ይህ ከሰፈር ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ሁለት መስመር ነበር፤ «ከዚያ በፊት ሰፈሮቹ ቤተ መንግሥቱን ማዕከል አድርገው ይለያዩ ነበር፤ በቁስቋም ግን ራሱ ቤተ መንግሥቱ ከማዕከሉ ይወጣል። መጨረሻ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።» ተቀበልኩት። ይህን መልስ የምዕራፍ 6 የመጀመሪያ አንቀጽ እንድታደርገውም ነገርኳት፤ አንባቢውም ያንኑ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርምና።

ሦስት ሳምንት ያለችው አራት ሆነ። የዘነጋችው በእጅ የተጻፉትን «በምዕራፍ 4 እንደታየው» የሚሉ ማመላከቻዎች ነበር። ተራው ሲቀየር የርእሶቹ ቁጥር በራሱ ይስተካከላል፤ በእጅ የተጻፈው ግን ያው ይቀራል፣ ፈታኙም ወደ ተሳሳተ ምዕራፍ ይላካል። አሁን ተማሪዎቼ የሥራውን ጊዜ ሲገምቱ ለዚህ ብቻ ጥቂት ቀናት እንዲይዙ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የጥናቱ ጥያቄ ሳይነካ ነው። ጥያቄው ከተለወጠ ፕሮፖዛሉም ይለወጣል፤ ያ ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ ጋር የሚያልቅ ጉዳይ እንጂ በኢሜይል የሚጨረስ አይደለም። «የማይለወጡት» የምትለዋን መስመር አስቀድሜ የምፈልጋትም ለዚህ ነው።

የ1668ቱ ውሳኔ አሁን በአንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ ምዕራፍ 3 ውስጥ፣ አንድ ገጽ ተኩል።