ካሜራው እዚያ ነበር ወይ?

ሶዶ ኦቶና አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን የማይነቅል፣ የወላይታ ድቻን ውጤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅ ተመልካች በቀላሉ ይገኛል። ይኸው ሰው «ፊልም ልጋብዝህ» ሲባል ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል፤ ተዋናይ ሲያለቅስ ማየት አይሻም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የስፖርት ፊልም ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ «ዘጋቢ» የተባለውን መስጠት፣ «የፈጠራ» የተባለውን መተው በቂ መፍትሔ ይመስላል። መለያው ግን መጥፎ መሪ ነው። ልቦለድ የማይወድ የስፖርት ተከታታይ የሚጠላው ታሪክን አይደለም፤ ጨዋታ ራሱ ታሪክ ነው። የሚጠላው ውጤቱን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ከጀርባ መኖሩን ነው። ስለዚህ መመዘኛው በፊልሙ ሽፋን ላይ ከተጻፈው ይልቅ በየትዕይንቱ ሊጠየቅ የሚገባ አንድ ጥያቄ ነው፤ ነገሩ ሲሆን ካሜራው እዚያ ነበር ወይስ ነገሩ የተደረገው ለካሜራው ሲባል ነው? ጥያቄው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከኢትዮጵያ ሩጫ የተሻለ መስክ የለም፤ ከስፖርቶቻችን ሁሉ የውጭ ፊልም ሠሪ ደጋግሞ የመጣበት እሱ ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1998 የወጣው የሌስሊ ዉድሄድ «ኢንዱራንስ» የመለያውን ድክመት በአንድ ፊልም ውስጥ ያሳያል። ባለታሪኩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ ጎልማሳውን ኃይሌ የሚሠራውም ራሱ ኃይሌ ነው። ልጁን ኃይሌ የሚሠራው የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ ነው፤ እናቱን ደግሞ እህቱ ትሠራለች። ቦታው አርሲ፣ ሰዎቹም ዘመዳሞች ናቸው፤ ያም ሆኖ የልጅነቱ ክፍል በሙሉ እንደገና የተሠራ ነው። ትንሹ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ካሜራው የሚቀርጸው ትዝታን ነው። በአንጻሩ የ1996ቱ የአትላንታ 10,000 ሜትር የእውነት ውድድር ነው፤ ያንን ክፍል የመራው በኦሊምፒክ ፊልሞቹ የታወቀው በድ ግሪንስፓን ነበር። ፖል ቴርጋት ከመጨረሻዎቹ ዙሮች አስቀድሞ ፍጥነት ሲጨምር፣ ኃይሌ ተጣብቆት ሲቆይና በመጨረሻው ዙር ጥሎት ሲሄድ ማንም «እንደዚህ ሩጡ» አላላቸውም። ኃይሌ በ27:07.34፣ ቴርጋት በ27:08.17 ገቡ፤ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ልቦለድ የማይወደው ተመልካች ይህን ፊልም ሊተወው አይገባም፤ የሁለቱን ክፍሎች መገጣጠሚያ ማወቅ ግን ይገባዋል። ውድድሩን በመጀመሪያ፣ የልጅነቱን ክፍል ደግሞ ኋላ እንደ ቤተሰብ ትውስታ ቢያየው የመታለል ስሜት አይሰማውም። ቅሬታው የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ዓይን ሲያይ ነው።

በዚህ መመዘኛ ለሩጫ ተከታታይ ከሁሉ የሚቀድመው የኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ነው። በ1965 የወጣው ይህ ፊልም ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ወደ መጨረሻው ላይ አበበ ቢቂላ በ1964ቱ ማራቶን ብቻውን ሲሮጥ በረጅም ሌንስ፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ፣ እንቅስቃሴው ዘግይቶ ይታያል። ኦሊምፒክን በኃላፊነት ይመሩ የነበሩት የጃፓን ሚኒስትር ኮኖ ኢቺሮ ፊልሙ የተጠበቀውን መዝገብ አልሆነም ብለው በአደባባይ ነቅፈውታል፤ ጥበብ እንጂ ዘገባ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ነቀፋው ፍሬ ቢስ አልነበረም፤ ማን በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደመራ ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ፊልም ብዙ አያገኝም። ነገር ግን ኢቺካዋ ያዘገየው ጊዜን እንጂ ድርጊትን አይደለም። አበበ በ2:12:11.2 ገብቶ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ሲቀድም ያ ፊት እንዲያ ረግቶ የነበረው በትወና አይደለም። የቀጥታ ስርጭት የለመደ ዓይን የትንፋሹን ምጣኔና የትከሻውን አያያዝ እዚህ ያያል፤ ሌላ ሯጭ ውኃ ለመጠጣት ቆሞ ሲደናበር ደግሞ ንጽጽሩ በራሱ ይመጣለታል። ተራኪው ምንም ባይናገር እንኳ የሚጎድል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ዘጋቢውም ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙዚቃ ይጨምራል፤ ታዲያ ከፈጠራው በምን ይለያል? መልሱ በጄሪ ሮትዌል «ታውን ኦቭ ረነርስ» ውስጥ አለ። በ2012 የወጣው ይህ ፊልም የደራርቱ ቱሉና የቀነኒሳ በቀለ አገር በሆነችው በቆጂ ሁለት ልጃገረዶችን ከአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥር ሲሮጡ ለዓመታት ተከትሏል። ቀረጻው ሲጀመር ከሁለቱ ማን እንደሚሳካላት ፊልም ሠሪው አያውቅም። የታየው ድል የተሟላ አለመሆኑ፣ የካምፕ ሕይወት ከተጠበቀው በታች መሆኑ፣ ይህ ሁሉ የገባው ስለሆነ ነው። አርታኢ ከሆነው ውስጥ ይመርጣል፤ ያልሆነውን ግን ሊያስከትል አይችልም። ልቦለድ ጠሉ ተመልካች የሚፈልገው ዋስትናም ከዚህ አያልፍም። ዋስትናው የሚላላበት ቦታ ግን አለ፤ ዝግጅቱ ራሱ ለፊልም ሲባል የተሰናዳ ሲሆን። ሌሊሳ ዴሲሳ የተካፈለበት የ2017ቱ የሞንዛ ሙከራ ለዚህ ምሳሌ ነው። ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለመሮጥ በናይክ የታቀደ ነበር፤ አሯሯጮቹ እየተቀያየሩ ይገቡ ስለነበር በውድድር ደንብ የሚመዘገብ አልነበረም፤ ከሌሊሳ ጋር የሮጠው ኤልዩድ ኪፕቾጌ በ2:00:25 ጨረሰ። «ብሬኪንግ ቱ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም አልዋሸም፤ ሰዓቱም ላቡም እውነት ነው። ነገር ግን ጫማ ሻጩ መድረኩን ያነጸበት ሩጫ ነው፤ እንደ ሻምፒዮና የሚያየው ሰው ያለአግባብ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተዋናይ ፊልም ወገን ይመጣል፤ ካሜራ ያልነበረበትን ሕይወት ማን ያሳየን ይላል። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንኬል በ2009 የሠሩት፣ ኢትዮጵያም ለኦስካር የላከችው «አትሌቱ» የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ያለውን የውስጥ ትግል የቀረጸ ካሜራ አልነበረም፤ ራሴላስ ተጫወተው፤ የሮምን የእውነት ምስልም አጠገቡ አኖረ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልክደውም። ግን የእውነተኛው አበበ ሩጫ ከተዋናዩ ፊት አጠገብ ሲውል ልቦለድ ለማይወደው ሰው የሚያጎላው ልዩነቱን ነው፤ ዓይኑ የሮምን ምሽት አምኖ የሆስፒታሉን ክፍል ይጠራጠራል። ስለዚህ ይህ ፊልም መቅረብ ያለበት ከ«ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ቀጥሎ ነው፤ ያኔ ተመልካቹ የአበበን ትክክለኛ አካሄድ ስለሚያውቅ የራሴላስን ትወና እንደ ተንታኝ ይመዝነዋል እንጂ በግድ አያምነውም።

ከሩጫ ይልቅ ኳስ የሚከተለው የኦቶና ሰውስ? ለእሱ «ዚዳን» የተባለው የ2006 ፊልም ፈተና ነው። አሥራ ሰባት ካሜራዎች ኤፕሪል 23 ቀን 2005 ሪያል ማድሪድ ከቪያሪያል ሲጫወት አንድ ተጫዋችን ብቻ፣ በቀይ ካርድ እስኪወጣ ድረስ፣ ተከትለዋል። ምንም የተፈጠረ ነገር የለበትም፤ ያም ሆኖ ኳሱን ብዙ ስለማያሳይ ብዙ ደጋፊ ይሰለቸዋል፤ ካሜራው እዚያ መኖሩ ብቻውን ሁሉን እንደማያረካ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የቡድን ደጋፊ ከሰውየው ይልቅ የጨዋታውን ውል ይፈልጋል። ለእሱ በ2018 ድቻ ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፈበትና ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት ያለፈበት የሁለት ጨዋታ ሙሉ ቅጂ፣ የተቆራረጠ የጎል ማጠቃለያ ሳይሆን፣ ከማናቸውም የተዘጋጀ ፊልም ይቀድማል፤ ከምቶቹ በፊት የተጫዋቾቹ አቋቋም እንኳ በማጠቃለያው ውስጥ አይገኝምና።