ሠላሳኛዋ ደቂቃ

ላፕቶፕ ሻጭ ጌም ከፍቶ ሲያሳይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። መኪናዋ ትፈተለካለች፣ ምስሉ አይንተባተብም፣ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር በሰከንድ ዘጠና ምናምን ፍሬም ይላል፤ ገዢም ረክቶ ኪሱን ይዳብሳል። በዚያች ሦስት ደቂቃ የታየው ውሸት አይደለም። ብረቱ ገና አልሰማም እንጂ። ምጣድ ሳይሰማ የተጋገረ እንጀራ ስለ ምጣዱ የሚናገረው ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ላይ የታየ ፍጥነትም ማታ ከሁለት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ስለሚኖረው ፍጥነት አይናገርም።

ሙቀት በላፕቶፕ ውስጥ ሦስት ቦታ በሦስት የተለያየ ጊዜ ይደርሳል። ቺፑ ራሱ በሰከንዶች ይግላል። ከላዩ የተጫኑት የመዳብ ቱቦዎችና ጫፋቸው ላይ ያሉት ስስ ክንፎች አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋሉ። አካሉ በሙሉ፣ ከኪቦርዱ እስከ ሥሩ፣ ሞቆ የሚገባው ሙቀትና የሚወጣው እኩል እስኪሆን ግን ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ቀጭን ላፕቶፕ ሦስት ደቂቃ የሚያምርበትም ለዚህ ነው፤ ሙቀቱን እያስወጣ ሳይሆን ሰውነቱ ውስጥ እያጠራቀመ ነው።

ማጠራቀሚያው ሲሞላ ቺፑ ወደ ገደቡ ይጠጋል። ብዙዎቹ የኢንቪዲያ የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዶች 87 ዲግሪ አካባቢ፣ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ 100 ዲግሪ ላይ ልጓማቸው ይሳባል፤ የሚበሉት ዋት ይቀንሳል፣ ፍጥነታቸውም አብሮ ይወርዳል። ትሮትሊንግ የሚሉት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጋሉን ራሱን እንደ ብልሽት መቁጠሩ ነው። 82 ዲግሪ ላይ ረግቶ ዋቱን ሳይቀንስ ሁለት ሰዓት የሚጫወት ማሽን ጤነኛ ነው። 74 ዲግሪ ላይ እያለ ዋቱ በግማሽ የወረደ ግን፣ ኪቦርዱ ጣት እንዳያቃጥል ብሎ ወይም ቻርጀሩ ደካማ ሆኖበት አምራቹ አስቀድሞ ልጓም ያስገባለት ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ብቻ አትዩ፤ ዋቱን እዩ።

ዋቱን ማየት የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያትም ነው። የካርዱ ስም ብዙ ይደብቃል። አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ካርድ፣ ኢንቪዲያ ራሱ ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ ከ35 እስከ 115 ዋት ተደርጎ ሊገጠም ይችላል። አንድ ዓይነት ተለጣፊ የተለጠፈባቸው ሁለት ላፕቶፖች በሥራ ላይ ወንድማማች እንኳ ላይመስሉ ይችላሉ።

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ሁለት ያገለገሉ ቀጫጭን ላፕቶፖች ይዞልኝ መጣ፤ ሁለቱም 4060 ናቸው፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። ባለቤቶቹ አንድ ቀን እንድንሞክራቸው ፈቅደው ነበር። ፈተናው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ላፕቶፑ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አልጋ ወይም ጭን ላይ ከሆነ ሥሩ ያለው የአየር ማስገቢያ ይታፈናል። በራሱ ቻርጀር ይሰካል፣ ምክንያቱም በባትሪ ብቻ ሲሆን ካርዱ ያለ ሙቀትም ይወርዳል። የፍሬም ገደብና ቪሲንክ ይጠፋሉ። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ከባድ የሆነ አንድ ቦታ ተመርጦ፣ እዚያው ተቁሞ ወይም እዚያው እየተዞረ፣ አርባ ደቂቃ ይቆያል። ከጀርባ ደግሞ ይህን ትእዛዝ ከፍቼ እተወዋለሁ፤ በየአምስት ሰከንዱ ዋቱን፣ ሙቀቱንና የቺፑን ፍጥነት ይመዘግባል፦

```
nvidia-smi --query-gpu=timestamp,power.draw,temperature.gpu,clocks.gr --format=csv -l 5 -f log.csv
```

የመጀመሪያው ላፕቶፕ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ 95 ዋት እየበላ፣ 78 ዲግሪ ሆኖ፣ 91 ፍሬም ይሰጥ ነበር። የአጎቴ ልጅ እዚያው ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 87 ዲግሪ ነካና ዋቱ 84 ሆነ። ሠላሳኛው ላይ ሙቀቱ እዚያው 87 ላይ እንደተቸነከረ ዋቱ 72፣ ፍሬሙ 76 ደረሰ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ 80 ዋት ብቻ ነበር የሚበላው፤ በ83 ፍሬም ተነሥቶ በአርባኛው ደቂቃ 82 ላይ፣ በ79 ዲግሪ ሙቀት ጨረሰ። ሱቅ ውስጥ ቢሆን የመጀመሪያው ያሸንፋል። ማታ ቤት ውስጥ ሁለተኛው።

ከቁጥሮቹ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ዋቱን ሩብ ያህል ሲያጣ ፍሬሙ የወረደው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ቺፕ በፍጥነት ጣሪያው ላይ ሲሮጥ የመጨረሻዎቹን ፍሬሞች የሚያገኘው በብዙ ዋት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልጓም ጨዋታን አይገድልም። ጨዋታን የሚገድለው መዋዠቅ ነው። አንዳንድ ማሽን ገደቡን ሲነካ ደንግጦ ፍጥነቱን እስከ ታች ይጥለዋል፣ ሲበርድ እንደገና ይፈነጥዛል፣ እንደገና ይደነግጣል። መዝገቡ ላይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ አማካዩ 85 ፍሬም ቢሆንም ተጫዋቹ የሚያስታውሰው በየደቂቃው የሚቆረጠውን ነው። ይህ የብረት ሳይሆን የፈርምዌር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 አፕል ባለ ኮር አይ9 ማክቡክ ፕሮ ባወጣ ጊዜ ማሽኑ በከባድ ሥራ ላይ ከሚገባው በላይ ይወርድ ነበር፤ ኩባንያው የዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ጥፋቱ ሙቀቱን በሚያስተዳድረው ፈርምዌር ውስጥ የጎደለ ነገር መሆኑን ተናግሮ በሶፍትዌር ማሻሻያ አስተካከለው። መዳቡም ፋኑም ያው ነበሩ።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ ለምን ወረደ? ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ የደረቀ ቴርማል ፔስት፣ በአቧራ የተደፈነ ክንፍ፣ ወይም ከመነሻው ያነሰ ማቀዝቀዣ። መፍታት ሳያስፈልግ መለየት ይቻላል፤ ቁልፉ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሦስቱ ጊዜ ልዩነት ነው። ፔስቱ ቺፑንና መዳቡን የሚያገናኝ ስስ ንብርብር ነው። እሱ ከደረቀ ሙቀቱ መዳቡ ጋ አይደርስም፤ ካርዱ ጌሙ በተከፈተ በአሥርና ሃያ ሰከንድ ውስጥ ሰማንያዎቹ ውስጥ ዘሎ ይገባል፣ ጌሙ ሲዘጋም በዚያው ፍጥነት ወደ ታች ይወድቃል። ከጎን የሚወጣው አየር ደግሞ ቺፑ እየተቃጠለ ለብ ያለ ብቻ ነው። ችግሩ የአየር መንገዱ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ዝግ ብሎ በደቂቃዎች ይወጣል፣ ሲበርድም ዝግ ይላል፤ ከጎን የሚወጣው አየር ያቃጥላል፣ ግን ጉልበት የለውም። በዚህ ፈተና ፕሮሰሰሩን አትመኑት፤ የዛሬ ፕሮሰሰር ጤነኛ ሆኖም በሁለት ሰከንድ ዘጠናዎቹን ሊነካ ይችላል። የምመዝነው በግራፊክስ ካርዱ ነው።

የእኛው ላፕቶፕ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶ ነው 87 የደረሰው፤ ፔስቱ ነጻ ወጣ። የሚወጣው አየር ትኩስ ነበር፣ ጉልበትም ነበረው፤ አቧራውም ነጻ። ስለዚህ አንድ ነገር ሞከርኩ። በቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩና ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ቱቦ ይጋራሉ፤ አንዱ የጣለውን ሙቀት ሌላው ይሸከማል። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ Maximum processor state የሚለውን ከ100 ወደ 99 ሳወርደው የፕሮሰሰሩ ተጨማሪ ፍጥነት ጠፋ። ይህ ማስተካከያ በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ተደብቋል፤ እዚህኛው ላይ ግን ነበር። ፈተናው ሲደገም ካርዱ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ አሁንም 87 ዲግሪ ነበር፣ ዋቱ ግን ከ72 ወደ 80፣ ፍሬሙ ከ76 ወደ 80 ወጣ። ማቀዝቀዣው አልተበላሸም፤ ለሁለት አፍ የተቆረሰው ዳቦ ነው ያነሰው። ፕሮሰሰር አብዝቶ የሚበላ ጌም ላይ ይህ ዘዴ ያከስራል፣ ግን ማሽኑ የት ላይ እንዳነሰ በአንድ ሰዓት ይነግራል።

ላፕቶፑን እጃቸው ሳይገባ፣ ግምገማ አንብበው ወይም ቪዲዮ አይተው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚያስልኩ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚያ ፈተናዎች ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም የሚገፋው ክብደት ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። እዚያ ከክፍሉ አየር 24 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣው፣ እዚህ ለዚያው ዋት ወደ 32 ይጠጋል። በግርድፉ ቺፑም ሰባት ስምንት ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። የእኛ ክፍል ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ከዚህ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ድሬዳዋ ላለ ሰው ግን ከፍታው ቢቀንስለትም የክፍሉ ሙቀት ያን ያህሉን መልሶ ይወስድበታል።

ስለዚህ ግምገማ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ፍሬሙን አይደለም፤ ከረጅም ጨዋታ በኋላ ካርዱ ከገደቡ ስንት ዲግሪ ርቆ እንደ ቆመ ነው። እዚያ በ86 ዲግሪ ዋቱን ጠብቆ የጨረሰ ማሽን እዚህ ልጓም ውስጥ ይገባል። በ76 የጨረሰው ትርፍ አለው።

የአጎቴ ልጅ ሁለተኛውን ገዛ። አንድ የማይወደው ነገር አለው፤ ፋኑ ያፏጫል። ያንን 79 ዲግሪ የያዘለት ፋኑ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። እናቱ ግን ሲጫወት የክፍሉን በር እንዲዘጋ አዛዋለች።