ፊቱ ለምን ሮዝ ሆነ?

የታተመ ፊት ሮዝ ሆኖ ሲወጣ የብዙ ፎቶ ቤት ባለሙያ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፎቶሾፕ ነው፤ ቀዩን ቀነስ፣ ሲያኑን ጨመር አድርጎ እንደገና ያትማል። በእኔ እምነት ፎቶው ከመነካቱ በፊት ፕሪንተሩ መመርመር አለበት። የጠይም ፊት ቀለም የሚገኘው ቢጫና ማጀንታ ላይ መጠነኛ ሲያን ሲታከል ነው። ሲያን ሲጎድል ፊት ይቀላል፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሰማያዊም ወደ ማጀንታ ይሄዳል። ባለ ስድስት ቀለም ፕሪንተር ላይ ግን ምልክቱ ይሸውዳል። እንደ ኤፕሰን ኤል805 ባሉት ላይ ከደማቁ ሲያን ሌላ ፈዛዛ ሲያን አለ፤ የፊት ስስ ቀለም በአብዛኛው የሚሠራው በፈዛዞቹ ነው። ፈዛዛው ብቻ ከተደፈነ ሰማያዊው ልብስ ደህና ወጥቶ ፊቱ ለብቻው ይቀላል፤ ባለሙያውም «ሲያንማ አለ» ብሎ ጥፋቱን በፎቶው ያላክካል።

ይህን የሚለየው Nozzle Check የሚባለው የሙከራ ገጽ ነው። እያንዳንዱ ቀለም በቀጫጭን መስመሮች ለብቻው ስለሚታተም የተቆራረጠው መስመር የተደፈነውን ቀዳዳ ያሳያል። ፈዛዛዎቹን መስመሮች ግን በጥሩ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ቢጫውማ ነጭ ወረቀት ላይ ጭራሽ ዓይን ያታልላል። መስመሩ ከተቆራረጠ ሄዱን አጽድቶ ገጹን ደግሞ ማተም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጸድቶ ካልተስተካከለ ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማሳደር ይሻላል፤ ጽዳቱ ራሱ ቀለም ይበላል፣ የቆሻሻ ቀለም መያዣውንም ይሞላል።

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ለሙከራ ገጽ ጊዜ የለም፤ ሲያኑን በኮምፒውተር ብጨምርስ?» የሚል ይኖራል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቀዳዳ የቱንም ያህል ቢታዘዝ ጠብታ አይሰጥም። በከፊል የተዘጋውም ከገጽ ገጽ ስለሚለዋወጥ የጠዋቱ ማስተካከያ ከሰዓት ላይ አይሠራም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ፊቱ ሮዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እውነት ነው፤ የሙከራ ገጹ የቀለም መውጣትን እንጂ የቀለም ትክክለኛነትን አይመሰክርም። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድርብ እርማት ነው። ፎቶሾፕ ላይ Photoshop Manages Colors ተመርጦ የፕሪንተሩ የራሱ ማስተካከያ ካልጠፋ አንዱ ያረመውን ሌላው ደግሞ ያርመዋል፤ ብዙ ጊዜም ሕትመቱ ወደ ማጀንታ ያዘነብላል። የፕሪንተሩን ማስተካከያ አጥፍቶ ከጥቁር እስከ ነጭ የሚዘልቅ የግራጫ ደረጃ ማተም ነው፤ ፊት ላይ የሚያከራክር መቅላት ግራጫ ላይ አያከራክርም።

ግራጫው አሁንም ከቀላ ቀለሙና ወረቀቱ ከፕሮፋይሉ ጋር አልተስማሙም ማለት ነው፤ በተለይ ቀለሙ ከሌላ አምራች ተገዝቶ የተሞላ ከሆነ። ካሊብሬሽን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የቀለም ናሙናዎቹ ያለ ምንም እርማት ታትመው፣ በደንብ ደርቀው፣ በመለኪያ መሣሪያ ተለክተው ለዚያ ቀለምና ወረቀት የሚሆን ፕሮፋይል ይወጣል። ሥራው የሚጀመረው ግን የዚያው ቀን የሙከራ ገጽ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ፈዛዛ ሲያኑ ተቆራርጦ እያለ የተሠራ ፕሮፋይል ጉድለቱን ለማካካስ ሲያን ስለሚጨምር፣ ሄዱ በጸዳ ማግስት ፊቱን ያረነጉዳል። እንዲህ ያለውን ፕሮፋይል መጣል እንጂ ማስተካከል አይገባም።