ሁለት በመቶ የስንት ናት?

የሽያጭ ሪፖርት ስመረምር ድምሩን ከማረጋገጤ በፊት አንድ ሥራ እሠራለሁ፤ «በመቶ» የሚል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። በኅዳጉም ሁለት ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «የምን ነው? ከስንት ወደ ስንት?» በደረሰኝ ወይም በመጋዘን ቆጠራ ላይ የተፈጠረ ስህተት ዘግይቶም ቢሆን መገኘቱ አይቀርም፤ ሒሳቡ አልገጥም ይላልና። የመቶኛ ስህተት ግን ከምንም ነገር ጋር አይጋጭም። በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ ትክክል ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ እንዳለ ወደ ሥራ አመራሩ ስብሰባ ይገባል።

ስህተቱ በብዛት የሚፈጠረው ቀድሞውኑ በመቶኛ የሚለካ ነገር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ይህን «ወለድ በ2 በመቶ ጨመረ» ብሎ መናገር የተለመደ ነው። ነገር ግን በዝቅተኛው ወለድ 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት ያገኝ የነበረው 5,000 ብር ወደ 7,000 ብር አድጎለታል። የተጨመረው 2,000 ብር ለቀድሞው 5,000 ሲካፈል 40 በመቶ ነው። ወለዱ በእርግጥ በ2 በመቶ ብቻ አድጎ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የሚያገኘው 5,100 ብር ነበር። በ5 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ዕድገቱ ደግሞ 40 በመቶ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የአንዱን ስም ለሌላው ስንሰጥ ግን ውሸት ይሆናሉ።

አሁን የአንድ ብስኩት አከፋፋይን የግማሽ ዓመት ሪፖርት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲመቹ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ አጻጻፉ ግን በሥራዬ ደጋግሞ የገጠመኝ ነው። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሽያጫችን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ከ12 ሚሊዮን ወደ 15 ሚሊዮን ብር አድጓል። አዲሱ ምርታችን በሱቆች ውስጥ ያለው ተደራሽነት በ25 በመቶ ጨምሯል። ተመላሽ ዕቃ በ2 በመቶ ብቻ ጨምሯል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መነሻውንና መድረሻውን ስላስቀመጠ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ቆሜ የሽያጭ ኃላፊውን «ከስንት ወደ ስንት ነው?» እላለሁ። መልሱ «ከ8 በመቶ ወደ 10 በመቶ» የሚል ይሆናል። ልዩነቱ 2 ነጥብ ነው፤ 2 ለ8 ሲካፈል ደግሞ 25 በመቶ ስለሚሆን ስሌቱ አልተሳሳተም። ቀጥሎ የምጠይቀው «ከስንት ሱቅ?» ብዬ ነው። የሽያጭ ሠራተኞቹ በሁለቱም ጊዜ የጎበኙት 50 ሱቅ ከሆነ 8 በመቶው 4 ሱቅ፣ 10 በመቶው 5 ሱቅ ነው። ስለዚህ 25 በመቶ የተባለው ዕድገት አንድ ሱቅ ነው። አንድ ባለሱቅ በጉብኝቱ ዕለት ዕቃው አልቆበት ቢሆን ኖሮ ዕድገት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። መነሻው ትንሽ ሲሆን መቶኛው በቀላሉ ይገዝፋል፤ ይህን የሚያጋልጠው ወደ ሱቅ፣ ወደ ካርቶን ወይም ወደ ብር መመለስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የከፋ ነው። ተመላሽ ዕቃ ከሽያጩ የነበረው ድርሻ ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወጥቷል። ይህም 2 ነጥብ ነው፤ ዕድገቱ ግን 50 በመቶ ነው። ወደ ብር ስንመልሰው የ12 ሚሊዮን 4 በመቶ 480,000 ብር ነበር፤ የ15 ሚሊዮን 6 በመቶ ደግሞ 900,000 ብር ነው። ድርሻውም ሽያጩም አብረው ስላደጉ በብር ሲታይ ተመላሹ በ87.5 በመቶ ጨምሯል። «በ2 በመቶ ብቻ» የሚለውን አምኖ ለተመላሽ ዕቃ በጀት የያዘ ሰው የሚይዘው 489,600 ብር ነው። ከ410,000 ብር በላይ የሚሆን ጉድለት ይጠብቀዋል፤ ያን ያመጣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ነጥብ» የሚለው ቃል መቅረቱ ነው።

የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዓረፍተ ነገሮች አሰላለፍ ልብ በሉ። ሁለቱም ጋ የተለወጠው ያው 2 ነጥብ ነው። ደስ የሚለው ዜና በዕድገት ተሰልቶ 25 ሆነ፤ የሚያሳዝነው በነጥብ ተሰልቶ 2 ሆኖ ቀረ። በአንድ ሪፖርት ውስጥ መልካሙ ሁሉ በትልቁ መለኪያ፣ መጥፎው ሁሉ በትንሹ መለኪያ ከቀረበ ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና አሰላዋለሁ።

ይህ ማለት ግን ጸሐፊው ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤክሴል ነው። የአምናው 4% በB4፣ የዘንድሮው 6% በC4 ላይ ተጽፏል እንበል፤ ሁለት ቀመሮች ይታዩ፦

```
=C4-B4
=(C4-B4)/B4
```

የመጀመሪያው ነጥቡን፣ ሁለተኛው ዕድገቱን ያሰላል። ሁለቱ ሴሎች በመቶኛ ቅርጽ ስለተጻፉ መቀነሱም ውጤቱን በ% ምልክት ያሳያል፦ 2%። ሁለተኛው ደግሞ በመቶኛ ሲታይ 50% ይላል። ምልክቱ አንድ ስለሆነ የቸኮለ ሰው 2%ን ገልብጦ «በ2 በመቶ ጨመረ» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። እኔ በማዘጋጃቸው ሠንጠረዦች ነጥብ የሚሰላበትን ዓምድ `=(C4-B4)*100` አድርጌ ቅርጹን ወደ ተራ ቁጥር እለውጠዋለሁ፤ ራስጌው ላይም «ልዩነት በነጥብ» ብዬ እጽፋለሁ። % የሌለበትን ቁጥር «በመቶ» ብሎ ለመገልበጥ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ መልሴ እንደ ጥያቄው ነው። ከምንሸጠው 100 ብር ውስጥ ስንት ብር ተጨማሪ እየተመለሰ እንደሆነ ማወቅ ስንፈልግ ነጥቡ ይናገራል፤ 2 ብር ነው። ችግሩ በምን ፍጥነት እየተባባሰ እንደሆነ ስንጠይቅ ዕድገቱ ይናገራል፤ 50 በመቶ ነው። አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ ለጥርጣሬ በር ስለሚከፍት ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ እንዲታረም አደርጋለሁ፦ «ተመላሽ ዕቃ ከሽያጩ ያለው ድርሻ ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ፣ ማለትም በ2 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል፤ በብር ከ480,000 ወደ 900,000 ደርሷል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ረዘም ይላል፤ ነገር ግን የሚያነበው ሰው የፈለገውን ስሌት ራሱ መሥራት ይችላል።

ሪፖርት የምታጸድቁ ሁሉ ይህን አሠራር ያዙ፦ መነሻው፣ መድረሻውና ከበስተጀርባው ያለው ብር ወይም ብዛት ያልተጻፈበትን መቶኛ ሳትፈርሙ ወደ ጸሐፊው መልሱ። የሪፖርቱ መዘግየት አንድ ቀን ቢወስድ ነው፤ በተሳሳተ መቶኛ የተያዘ በጀት ግን ዓመቱን ሙሉ ያስከፍላል።