«ስህተት ነው» ላይ የተቆረጠ ምክንያት

ስለ ሰሜን ተራሮች የተጻፉ የአማርኛ ጽሑፎችን ለማጣራት በቋንቋ ሞዴል እንጠቀማለን። ሞዴሉ ጽሑፉን ያነብና ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ውሳኔና ምክንያት። መልሱ በጄሰን ቅርጽ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ከፍቶ ውሳኔውን ከሠንጠረዥ ያስገባል። ውሳኔው አንድ ቃል ነውና ችግር አያመጣም። ጣጣው ያለው ምክንያቱ ውስጥ ነው።

አንድ ጽሑፍ ሳንቃ በርን ደባርቅ ከተማ ውስጥ አስቀመጠው እንበል። ሳንቃ በር ግን ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ የካምፕ ቦታ ነው። ሞዴሉ ስህተቱን በትክክል አገኘና እንዲህ ጻፈ፦

```
{"reason": "ሳንቃ በር "ደባርቅ ከተማ ውስጥ" ነው ይላል",
 "verdict": "reject"}
```

ለአንባቢ ግልጽ ነው። ለፕሮግራሙ ግን ምክንያቱ ሁለተኛው ጥቅስ ላይ አለቀ፤ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ሲጠብቅ «ደ» መጣበት። `Expecting ',' delimiter` ብሎ ይቆማል። ሞዴሉ `\"` ብሎ መጻፍ ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ይረሳዋል። ደግነቱ የራሳችን ትምህርተ ጥቅስ « » ለጄሰን ተራ ፊደል ስለሆነ አንዳች አይሰብርም። በእሱ ተጠቀም ብሎ ማዘዝ ብቻውን ብዙውን ስብራት ያስቀራል።

የኋላ ሰረዝም የራሱ አመል አለው። ወደፊት ያዘነበለው «ት/ቤት» ምንም አይሆንም፤ ጸሐፊው ቸኩሎ `ት\ቤት` ካለና ሞዴሉ እንዳለ ከጠቀሰው ግን `Invalid \escape` ይመጣል። ይህኛው ቢያንስ ይጮኻል። `D:\new` የሚል የፋይል አድራሻ ሲጠቀስ ግን `\n` ዝም ብሎ የመስመር መስበሪያ ይሆንና ጽሑፉ ሳይታወቅ ይለወጣል። በተቃራኒው ሞዴሉ ምክንያቱ መሀል እውነተኛ አዲስ መስመር ከጀመረ `Invalid control character` የሚል መልእክት ይታያል። በፓይተን `strict=False` ማለት ይህን አንዱን ብቻ ያሳልፋል።

እነዚህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ምክንያቱ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስለሚጠቅስ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ሰጥተን እናስገባለን፤ ሞዴሉም ቃሉን ከመጥቀስ ይልቅ «ዓረፍተ ነገር 3 ቦታውን አሳስቷል» ይላል። ጥቅሱም ሰረዙም መስመሩም አብረው ይቀራሉ።

የርዝመት ገደብ ግን በዚህ አይድንም። ገደቡ የሚቆጠረው በቶከን ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ደግሞ አማርኛ ተመሳሳይ ሐሳብ ካለው እንግሊዝኛ በጣም የበዛ ቶከን ይፈጃል። ሞዴሉ ፊደሉን በቁጥር ከጻፈውማ ይብሳል፤ «ደ» ብቻዋን `\u12f0` ትሆናለች፣ ስድስት ምልክት። ለእንግሊዝኛ የበቃ ገደብ አማርኛውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ለምሳሌ ሞዴሉ ሊጽፍ የነበረው ይህ ነው፦ «ሳንቃ በር ፓርኩ ውስጥ ነው የሚለው ስህተት ነው ማለት አይቻልም»። የደረሰን ግን ይህ፦

```
{"reason": "ሳንቃ በር ፓርኩ ውስጥ ነው የሚለው ስህተት ነው
```

ፕሮግራሙ `Unterminated string` ብሎ ይጮኻል፤ መጮኹም ተገቢ ነው። ብዙዎች ግን እዚህ ላይ የተሰበረ ጄሰን የሚጠግን መሣሪያ ይጨምራሉ። መሣሪያው `"}` ጨምሮ ይዘጋዋል፣ ፋይሉም ይከፈታል። ውሳኔው ጠፍቷልና አንድ ሠራተኛ ምክንያቱን አንብቦ ራሱ ይሞላል፤ «ስህተት ነው» ስለሚል ትክክለኛውን ጽሑፍ ይጥላል። አማርኛ አፍራሹን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ጎደሎ ሳይመስል ተቃራኒውን ሊናገር ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥገና እኔ ከስብራቱ አብልጬ እፈራዋለሁ።

ውሳኔውን ከምክንያቱ በፊት ማስጻፍ ከመቆረጥ ያድነዋል። ዋጋው ግን ሞዴሉ ሳያመዛዝን እንዲፈርድ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱ ከዚያ ወዲያ ለፍርዱ ጠበቃ ይሆናል። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድመን ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ እንገድበዋለን፣ የቶከን ገደቡን ደግሞ ሰፋ እናደርጋለን። ቅርጹን አስገድዶ የሚያስጠብቅ አሠራር ያላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ጥቅሱንና ሰረዙን ያስተካክላሉ፣ ገደቡ ላይ ሲደርሱ ግን እነሱም መሀል ላይ ይቆማሉ።

መልሱን ከመክፈታችሁ በፊት ለምን እንደቆመ ተመልከቱ። `finish_reason` ላይ `length`፣ በሌሎች ደግሞ `stop_reason` ላይ `max_tokens` የሚል ከሆነ መልሱ ተቆርጧልና አትጠግኑት፤ ጣሉትና ገደቡን አስፍታችሁ እንደገና ጠይቁ።